አስር ለገዛ አንድ ምርቃት

የፀጉር ዕቃ አከፋፋይ ቅናሽና ዱቤ አብረው ሲጠየቁ ፊቱ ይጠቁራል፤ እውነት አለው። ለባለ ሳሎኗ ሁለት ጥያቄ ይመስላታል እንጂ ሁለቱም የሚወጡት ከአንድ ኪስ ነው። አንድ ካርቶን ሻምፑ በጥሬ 6,000፣ በወር ዱቤ 6,300 ብር ነው እንበል። ልዩነቷ 300 ብር የአንድ ወር ወለድ ናት፤ ከመቶ 5። ባንክ በዓመት ከመቶ 20 ቢጠይቃት «ይሄማ ዘረፋ ነው» የምትል ሴት፣ በዓመት 60 የሚሆነውን የአከፋፋዩን ወለድ «ለደንበኝነት ብዬ ነው» ሲላት መርቃው ትወጣለች።

ጥሬ ያላት ምርቃቱን ታሳድድ? እሱም አስልቶ ነው። አስር ካርቶን ገዝቶ አንድ መመረቅ ቅናሹ ከመቶ 10 ሳይሆን 9 ገደማ ነው፤ የሚካፈለው ለአስራ አንድ ነውና። በወር ሁለት ካርቶን የምትጨርስ ሳሎን ደግሞ አስራ አንዱን የምትፈጀው በአምስት ወር ተኩል ነው። እስከዚያ ብሯ ከመደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሎ ደንበኞቿን ያያል። የሚመረቀው ካርቶንም ብዙ ጊዜ ማንም ያልጠየቀው ቀለም፣ ወይም የመጠቀሚያ ጊዜው ሊያልቅ ጥቂት የቀረው ሪላክሰር ነው። አከፋፋዩ መጋዘኑን ሲያጸዳ ቸር ይባላል።

«ዋጋ በየጊዜው እየጨመረ ማከማቸት ትርፍ አይደለም ወይ?» የሚሉ አሉ። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ክርክሩ ክብደት አለው፤ በየቀኑ ለሚያልቀው ሻምፑ እኔም እስማማለሁ። ለቀለም ግን አይሠራም፤ ዋጋው ቢጨምርም ፋሽኑ ያልፋል። አከፋፋዩም ዱቤ የሚፈራው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ዛሬ በሰጠው ዕቃ የሚሰበስበው ብር ነገ ያንኑ ዕቃ ላያስመጣለት ይችላል።

እንግዲህ እሱን የማያስፈራ ነገር መጠየቅ ነው። አስሩን ካርቶን በወር ሁለት ሁለት እያደረጉ መውሰድ፣ ዋጋው የየዕለቱ ይሁን፤ አስሩ ሲሞላ ግን አንዱ ይመረቅ፣ ዓይነቱንም ገዢዋ ትምረጥ። ዱቤ ግድ ከሆነ ደግሞ አዲሱን ስትወስድ የበፊቱን ትክፈል። መክፈያው ቀን ሁዳዴ መሃል እንዳይውል መጠንቀቅ ነው፤ በጾም ሙሽራ የለም፣ አበዳሪ ግን አይጾምም።

ከወር በኋላ ያለ ቀን የተጻፈበት ቼክ ለመያዣ ስጡ ከተባላችሁም አስቡበት። በሕጋችን ቼክ ለባንክ በቀረበበት ቀን የሚከፈል ነው፤ የተጻፈውን ቀን አይጠብቅም። ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት ደግሞ ወንጀል ነው። ለአምስት ካርቶን ሻምፑ ሲባል ደረቅ ቼክ አትፈርሙ፤ ሦስቱን በጥሬ ግዙ።