ምድሩ አይቆጠርም

ዳንግላ ላይ ሃያ ስምንት ዓመት ሒሳብ አስተምሬአለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለጉራ አይደለም፤ ኋላ ከሌላ ሰው ብትሰሙት ይብስብኛል ብዬ ነው። በ2017 ግንቦት አጋማሽ እንጅባራ ሄጄ፣ እስከ ሦስት መቁጠር አቅቶኝ፣ ለእህቴ ልጅ የተላከ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ለማላውቀው ሰው አስረክቤ፣ ገንፎ በልቼና ተመርቄ ወጣሁ።

የእህቴ ልጅ ጥር 13 ሲያገባ እግሬን አሞኝ ሠርጉ ላይ አልተገኘሁም። ሚስቱን አላውቃትም፤ ቤታቸውንም እንደዚያው። በስልክ ያለኝ ይህን ነው፦ «ሕንፃው ጂ ፕላስ ሦስት ነው። ሦስተኛ ፎቅ፣ በግራ በኩል ሁለተኛው በር። እኔ ሥራ ላይ ነኝ፣ እሷ ግን አለች።»

ከባጃጁ ስወርድ አንድ ጎረምሳ ተሸካሚ ጤፉን አየና «ስንተኛ ፎቅ ነው ጋሼ?» አለኝ።

«ሦስተኛ።»

«በፎቅ ሠላሳ ነው።»

ዘጠና ብር ተስማማን። ማዶ ቆሜ ሕንፃውን ከታች ወደ ላይ ቆጠርኩ። ፋርማሲውና ቡቲኩ ያሉበትን «አንድ»፣ በላዩ ያለውን «ሁለት»፣ ልብስ የተሰጣበትን በረንዳ «ሦስት» አልኩ። ከዚያ በላይ አንድ ትርፍ ነበር። የባለቤቱ ይሆናል ብዬ ተውኩት። ትርፍ ሲገኝ ስሌቱን እንደ ገና መሥራት እንደሚገባ ለስንቱ ተማሪ ተናግሬ ነበር!

ደረጃው ዘጠኝ ወጥቶ ዕረፍት አለው፣ ከዚያ ሌላ ዘጠኝ። ከወለል እስከ ወለል አሥራ ስምንት መሆኑ ነው። ልጁ ሠላሳ ስድስተኛውን ረግጦ ወደ ላይ ሊቀጥል ሲል «እዚህ ነው» ብዬ አስቆምኩት።

«ሁለት ፎቅ ነው እኮ የወጣነው ጋሼ።»

«ቁጠር እንጂ፤ ሱቆቹ አንድ፣ የመካከሉ ሁለት፣ ይኸ ሦስት።»

«ምድሩ አይቆጠርም።»

«ለምን አይቆጠር? ሰው አይሠራበትም? ኪራይ አይከፈልበትም?»

መልስ አልሰጠኝም። ጤፉን በግራ ሁለተኛው በር ላይ አቁሞ ስድሳ ብር ጠየቀኝ። ዘጠና ሰጠሁት፤ ሠላሳውን መለሰልኝ። «ያልወጣሁትን አልቀበልም» አለ። እኔ ደግሞ በተስማማነው ሦስት ብዬ በግድ ኪሱ ውስጥ ከተትኩለት። በገዛ ገንዘቤ ስሕተቴን ገዛሁ ማለት ነው።

ልጁ ግን ልክ ነበር፤ ትክክለኛውን ነገር ነበር የቆጠረው። እኔ የቆጠርኩት ወለል ነው፤ እሱ የቆጠረው መውጣትን ነው። አራት ወለል ባለበት ሕንፃ በወለልና በወለል መካከል ያለው መውጫ ሦስት ብቻ ነው፤ አራት የአጥር ቋሚ በመካከሉ ሦስት ክፍተት እንዳለው ሁሉ። አማርኛውም ከልጁ ጋር ነው። ሰው መሬት ላይ የተሠራን ቤት ፎቅ አይለውም፤ ምድር ቤት ይለዋል። ፎቅ የሚባለው ሌላ ቤት ላይ የተጫነው ነው። ስለዚህ አንደኛ ፎቅ ከምድር ቤቱ በላይ ያለው የመጀመሪያው ነው፤ ሦስተኛው ፎቅ ደግሞ ለቆጣሪ ዓይን አራተኛ ወለል ይሆናል። ጂ ፕላስ ሦስት ስንልም ምድሩን ለብቻው አስቀምጠን ሦስት እየደመርንበት ነው። «ባለ ሦስት ፎቅ» ብሎ የሚያከራይ ሰው አራት ወለል ይዞ ነው የቆመው፤ አልዋሸም።

ጣሊያኑም እንግሊዙም እንደ እኛ ነው የሚቆጥረው። አሜሪካና ቻይና ግን ምድሩን አንደኛ ይሉታል። እኔ ያን ቀን፣ ፓስፖርት ሳላወጣ፣ እንጅባራ ላይ አሜሪካዊ ሆንኩ።

በሩን ሳንኳኳ አንዲት እናት ከፈቱ። የቅቤና የገንፎ ሽታ አወደኝ። ከጥጉ አልጋ ላይ አራስ ተኝታለች።

«ግቡ፣ ግቡ! በአባቱ በኩል ነዎት?»

የልጁ አባት አጎት ነኝ ብዬ ስለማምን «አዎ፣ በአባቱ በኩል» አልኩ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብዬም ተቀመጥኩ። አንደበቴ ይባርክ እንጂ ጣቶቼ ኪሴ ውስጥ ሥራ ጀምረው ነበር። ጥር 13 ተጋቡ፤ ዛሬ ግንቦት 15 ነው። አራት ወር ሞልቶ አምስተኛውን ይዟል። ሞላ ቢባል አራት፣ ያዘ ቢባል አምስት፤ በየትኛውም በኩል ዘጠኝ አይደርስም። እህቴ ለምን ሳትነግረኝ እንደ ቀረች ያኔ ገባኝ፤ ገባኝ መሰለኝ።

በነገራችን ላይ «ሞላ» እና «ያዘ» የሚሉት ሁለት ቃላት ብዙ ክርክር ያድናሉ። አራት ዓመት የሞላው ልጅ አምስተኛ ዓመቱን ይዟል። አራቱ ያለቀው ብዛት ነው፤ አምስተኛው አሁን ያለበት ተራ ነው። ሁለቱን ያደባለቀ አባት ልጁን አንድ ዓመት ቀድሞ ትምህርት ቤት ያስመዘግባል፤ መዝጋቢ ሆኜ አይቻለሁ።

እዚያው እንጅባራ ጥር 23 የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓልም የሚቆጥረው የሞላውን ነው። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም ተመሥርቶ በ2017 85ኛ ዓመቱን አከበረ። 1932ን አንድ፣ 1933ን ሁለት እያላችሁ እስከ 2017 ብትቆጥሩ ግን 86 ላይ ትደርሳላችሁ። የተመሠረተበት ዓመት ምድር ቤት ነው፤ ፈረሱ የሚነሳው ከእሱ ላይ ነው፣ እሱ ራሱ ግን አይቆጠርም።

ገንፎውን አጋምሼ ስልኬ ጮኸ።

«የት ደረስክ አጎቴ?»

«ቤትህ ነኝ። ገንፎ እየበላሁ።»

«የምን ገንፎ?»

ዝም ተባባልን። ዓይኔን ወደ ተከፈተው በር ሳነሳ ቁጥሩ አፈጠጠብኝ፤ 202። የመጀመሪያዋ ሁለት ፎቁን፣ የቀረው በሩን ይናገራል። ከመግባቴ በፊት እሷን ባያት ኖሮ ጣቴን ባላስቸገርኩ፤ የእህቴን ልጅ ሚስትም በሐሳቤ ባላማሁ።

ጤፉ በዚህ መካከል ወደ ጓዳ ገብቷል። እናትየው ለሁለተኛ ጊዜ መረቁኝ፤ ከሁለት ጊዜ ምርቃት በኋላ «ጤፌን መልሱልኝ» የሚል አፍ አልተሰጠኝም። አሥራ ስምንት ደረጃ ባዶ እጄን ወጥቼ 302ን አንኳኳሁ። የከፈተችልኝ ልጅ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ የአራስነት ምልክት የሌለባት ናት።

«ጤፉስ ጋሼ?»

«ከሥራችሁ ነው።»

ባሏ በስልክ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ስቆ ሲያበቃ «አራስ ቤት የገባ አይመለስም፣ ተወው» አለኝ። እሷ ግን ጎረቤት ለመተዋወቅ ጥሩ ሰበብ አገኘች። አብረን ወረድን፤ ነገሩን እየሳቀች አስረዳችልኝ። እናትየው ደንግጠው ጤፉን ሊያወጡ ሲነሡ «ለልጁ ነው» ብለን አስቀመጥናቸው።

«እንግዲያው በክርስትናው ይመጣሉ» አሉኝ። «ወንድ ነው። የተወለደው ልደታ ዕለት፣ ግንቦት 1። አርባ ቀኑ ሰኔ 10 ነው።»

በጣቴ ሞከርኩት። ግንቦት ሠላሳ፣ ሰኔ አሥር፤ ልክ ነው፣ ግን የተወለደባትም ቀን ከገባች ብቻ። ካልገባች 11 ይሆናል።

«እዚህ ላይ ምድሩ ይቆጠራል ማለት ነው?» አልኳቸው።

«የምን ምድር?» አሉ፣ ገንፎውን መልሰው ወደ እኔ እያስጠጉ።