ስንት ካራት ነው?

በእጮኛዬ ጣት ላይ ቀለበቱን ያየ ሁሉ «ስንት ካራት ነው?» ይላል። ሚዜዬ ጠየቀ፣ የሥራ ባልደረቦቿ ጠየቁ፣ ጎረቤት ጠየቀ። ኧረ ሰለቸኝ! ፒያሳ ወርቅ ቤት የለመደ ሰው ካራት ሲል የወርቁን ጥራት ማለቱ ነው፤ 18 ነው ወይስ 21? አልማዝ ላይ ግን ካራት ክብደት ብቻ ነው፤ አንዱ 0.2 ግራም። ስለ ውበቱ የሚነግረን ነገር የለም።

እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ የገባሁበት ጌጣጌጥ ቤት ሻጩ አራቱን መለኪያዎች በጣቱ ቆጠረልኝ፤ አቆራረጥ፣ ቀለም፣ ጥራት፣ ክብደት። በእንግሊዝኛ አራቱም በ«ሲ» ይጀምራሉ። ቆጥሮ ሲጨርስ ግን ያወራው ስለ ክብደቱ ብቻ ነበር። ለምን እንደሆነ ይገባኛል፤ ድንጋዩ አንድ ካራት ላይ ሲደርስ ዋጋው ዘሎ ይወጣል። ቁጥሩ ሙሉ ስለሆነ ብቻ!

ሁለት ክብ ድንጋዮች አቀረበልኝ፤ አንዱ 1.00፣ ሌላው 0.90 ካራት። ሰርተፊኬታቸውን አየሁ። የሁለቱም ስፋት 6.2 ሚሊ ሜትር ነው! የከባዱ ጥልቀት ግን የስፋቱ 67 በመቶ፣ የቀላሉ 61.5 በመቶ። ስለዚህ ተጨማሪ የምከፍልበት ክብደት ከሥር ተወትፎ ቀለበቱ ውስጥ ሊቀበር ነው። ይባስ ብሎ ጥልቅ ድንጋይ ከላይ የገባውን ብርሃን ወደ ዓይን አይመልስም፣ በጎንና በሥር ያፈሰዋል። መሃሉ ይጠቁራል። በጣም ጠፍጣፋውም ብርሃን ያባክናል። አቆራረጥ የሚሉት ይህንን ነው፤ ክብ ይሁን ሞላላ የሚለው የቅርጽ ጉዳይ ነው።

የሱቁ አምፖል ሥር ግን ሁሉም ያብረቀርቃል። ሁለቱን ይዤ ወደ መስኮቱ ልሄድ ስል ሻጩ ፊቱን አጨፈገገ። እኔ ግን ሄድኩ። ከባዱ እዚያ ሲደርስ ደበዘዘ፤ ትንሹ ግን ሳቀ።

ገንዘብ ከጎደለ እንግዲህ የሚቀነሰው ከአቆራረጡ ሳይሆን ከሌላው ነው። ቀለም ከ«ዲ» ጀምሮ እስከ «ዜድ» ይወርዳል፤ ቀለበቱ ቢጫ ወርቅ ከሆነ «ጄ» ላይ ያለ ድንጋይ ቢጫነቱ ከወርቁ ጋር ይዋሃዳል። ጥራትን የሚመረምሩት አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ነው፤ እራት ላይ ግን መነጽር ይዞ የሚመጣ የለም። በባዶ ዓይን የማይታይ ነጥብ ምን አገባኝ? መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ካለ ብቻ እተወዋለሁ።

0.90ውን ገዛሁ። ባለፈው እሁድ አክስቷ እጇን ይዘው አገላብጠው አዩ።

«እንዴት ያምራል! ስንት ካራት ነው?»

«ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ።»

«ውይ! አንድ እንኳ አልሞላም?»