ገዢ የሚያባርር የቤት ቪዲዮ አሠራር

በአቃቂ ቃሊቲ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚሸጥ ባለ ሁለት መኝታ ቤት አለ እንበል። ቪዲዮውን የሚያየው ገዢ ፒያሳ ወይም ጀሞ፣ አንዳንዴም ውጭ አገር ነው የሚኖረው። ሄዶ ለማየት ግማሽ ቀን ስለሚያጠፋ «ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?» የሚለውን የሚወስነው በስልኩ ነው። ይህን ሰው ማባረር ለሚፈልግ ደላላ ወይም ባለቤት መንገዱ ከዚህ በታች ተዘርዝሯል። ጉዳዩ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ያጠራቀመውን ገንዘብ የሚያወጣበት ስለሆነ፣ ከየስህተቱ ሥር ጉዳቱንና መፍትሔውንም በግልጽ ጽፌዋለሁ።

1. በቀጥታ ከሳሎን ጀምሩ

ሕንፃውንም፣ ደረጃውንም፣ መንገዱንም አታሳዩ። «ቱሉ ዲምቱ አካባቢ» ብላችሁ እለፉ። ገዢው ቤቱ ከአደባባዩ አጠገብ ይሁን ወይም ሌላ ባጃጅ የሚያስይዝ ውስጥ ድረስ ይግባ አያውቅም። ሊፍት በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ መሆኑንም የሚሰማው አሮጊት እናቱን ይዞ ደረጃው ሥር ሲቆም ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ሳሎኑ የምትነግሩትን አይሰማም። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀረጻ ከዋናው መንገድ ወደ ብሎኩ መግቢያ ይሁን፤ ሁለተኛው ደረጃው። ፎቁን በቃል ተናገሩ።

2. በ0.5 ሌንስ ቅረጹ

በብዙ ስልኮች ላይ 0.5 የሚል ምልክት ያለው ሰፊ ሌንስ ጠባቡን ክፍል አዳራሽ ያስመስላል። ከፊት ያለውን ያገዝፋል፣ ከኋላ ያለውን ግድግዳ ያርቃል። 3 ሜትር የሆነው መኝታ ቤት እጥፍ ሊመስል ይችላል። ገዢው መጥቶ ሲገባ ግን አልጋና ቁም ሳጥን አብረው እንደማይገቡ በዓይኑ ያያል፤ ያኔ በክፍሉ ብቻ ሳይሆን በተናገራችሁት ሁሉ ላይ እምነት ያጣል። በ1 ቅረጹ። ከበሩ አጠገብ ካለው ጥግ ቆማችሁ ስልኩን በደረት ከፍታ ያዙ፤ ወለሉም ጣሪያውም ይታይ። ከዚያ ክፍሉን በሜትር ለክታችሁ ቁጥሩን ተናገሩ። ሌንሱ የማይነግረውን ስፋት የሚነግረው ሜትሩ ነው።

3. ክፍሎቹን እንዳገኛችሁ አደባልቁ

ከመኝታ ቤት ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ ወጥ ቤት ዝለሉ፤ በመሐሉ ቪዲዮውን ቁረጡ። ተመልካቹ መታጠቢያ ቤቱ ከየትኛው ክፍል አጠገብ እንደሆነ አያውቅም፤ ሁለት ጊዜ የታየውን አንዱን ክፍል ሁለት አድርጎ ሊቆጥረውም ይችላል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል እንግዳ ሲገባ የሚሄድበት ነው። ከአንድ ክፍል ስትወጡ ካሜራውን ሳታጠፉ የሚቀጥለውን በር አሳዩ፤ ቀጥሎም ግቡ። አካሄዳችሁ ዝግ ይበል፤ በፍጥነት የዞረ ካሜራ ምስሉን ያደበዝዛል።

4. ወጥ ቤቱንና መታጠቢያውን በሩጫ እለፉ

ብዙ ጊዜ የሚደበቁት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ ገዢው አብዝቶ የሚጠይቀውም ስለ እነሱ ነው። ኮንዶሚኒየም ከመንግሥት ሲረከቡት የውስጥ ሥራው ያልተጠናቀቀ ስለሆነ፣ ሴራሚክ ይኑረው አይኑረው፣ የወጥ ቤት ካቢኔ ተሠርቶለት ይሁን አይሁን የዋጋ ልዩነት ያመጣል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ የውሃ ታንከር መኖሩ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ቧንቧውን በካሜራ ፊት ክፈቱ፤ የውሃው ድምፅ ይሰማ። የምጣድ መሰኪያውንና ቆጣሪውን አሳዩ። ጣሪያው ላይ የእርጥበት ምልክት ካለ አሳዩና ምክንያቱን ተናገሩ፤ ከላይኛው ቤት መታጠቢያ የሚወርድ ውሃ ከሆነ ገዢው መጥቶ ማየቱ አይቀርም።

5. ሙዚቃ ጫኑና «እጅግ ማራኪ» በሉ

«ማራኪ» የሚለው ቃል ስፋት የለውም፣ ፎቅ የለውም፣ ዋጋ የለውም። ንግግሩ ዓይን ማየት የማይችለውን ይጨምር፤ ልኬት፣ የውሃ ቀን፣ የፀሐይ አቅጣጫ። ድምፁን በረንዳ ላይ አትቅዱ፤ ንፋሱ ይውጠዋል። ምስሉን ከጨረሳችሁ በኋላ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ሆናችሁ ቅዱት።

6. ካርታውን ለካሜራ ዘርጉ

ስም፣ ቁጥርና ማኅተም የሚታይበት ሰነድ ለማጭበርበር ለሚፈልግ ሰው ጥሬ ዕቃ ነው። ቪዲዮው ላይ «ካርታ አለው፤ የባንክ ዕዳው ይህን ያህል ነው ወይም ተከፍሎ አልቋል» ማለት ይበቃል። ቤቱ 20/80 ከሆነ፣ በዕጣ የወሰደው ሰው ለ5 ዓመት እንዳይሸጥ የሚከለክለው ገደብ ማለፉንም ጨምሩ። ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን ገዢው ራሱ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ያጣራ።

አሁን ይኸው ቤት በትክክል ሲቀረጽ ይህን ይመስላል። ልኬቶቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ የቀረጻው ሰዓት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ነው፤ መብራቱ ሁሉ በርቷል፣ መጋረጃው ተከፍቷል።

ቀረጻ 1፣ ውጭ፣ 10 ሰከንድ። ከመንገዱ ወደ ብሎኩ መግቢያ። ንግግር፦ «ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ በባጃጅ ገብተን ነው። ብሎኩ ይህ ነው።»

ቀረጻ 2፣ ደረጃ፣ 10 ሰከንድ። ንግግር፦ «ሦስተኛ ፎቅ፤ ሊፍት የለውም።»

ቀረጻ 3፣ ሳሎን፣ 30 ሰከንድ። በሩ ሲከፈት ዝምታ፤ ጥግ ስትደርሱ ንግግር፦ «4 በ3 ሜትር ተኩል። ወለሉ ሴራሚክ ነው። በስተቀኝ ወጥ ቤት፣ ፊት ለፊት በረንዳ።»

ቀረጻ 4፣ ወጥ ቤት፣ 20 ሰከንድ። ቧንቧው ሲከፈት ተናጋሪው ዝም ይበል፤ ሲዘጋ፦ «ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፤ ታንከር አለው።»

ቀረጻ 5፣ መታጠቢያ፣ 20 ሰከንድ። ከጣሪያ ወደ ወለል። ንግግር፦ «ሻወሩ ይሠራል። ጣሪያው ላይ የምታዩት ምልክት የላይኛው ቤት ቧንቧ ከመጠገኑ በፊት የነበረ ነው።»

ቀረጻ 6 እና 7፣ ሁለቱ መኝታ ቤቶች፣ እያንዳንዳቸው 15 ሰከንድ። ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ጋር ፊት ለፊት ከቆማችሁ ክፍሉ ይጨልማል፤ መስኮቱን በጎን አድርጉት። ንግግር፦ «3 በ3፤ የጠዋት ፀሐይ ያገኛል።»

ቀረጻ 8፣ በረንዳ፣ 15 ሰከንድ። ፊት ለፊት የሚታየውን ሁሉ፣ ባዶ ቦታም ይሁን ግንባታ፣ ሳትቆርጡ አሳዩ።

ቀረጻ 9፣ ወደ በሩ ስትመለሱ፣ 15 ሰከንድ። ንግግር፦ ዋጋ፣ የሰነዱ ሁኔታ፣ ለማየት የሚመች ቀን።

ጠቅላላው 2 ደቂቃ ተኩል ነው። ከመልቀቃችሁ በፊት ቤቱን አይቶ ለማያውቅ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ አሳዩትና ወረቀት ላይ የክፍሎቹን አቀማመጥ ሣልልኝ በሉት። መታጠቢያውን በተሳሳተ ቦታ ከሣለው የተበላሸው በክፍሎቹ መካከል ያለው መሸጋገሪያ ነው፤ ያንን ብቻ ደግማችሁ ቅረጹ። በትክክል ከሣለው ግን ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚመጣው ገዢ ለመደራደር የሚመጣ ይሆናል።