መብትን በነፍስ ወከፍ ስለማደል

የኮምፒውተር ሠራተኛ ሆነህ ሁለት መቶ ሰው ባለው መሥሪያ ቤት ከተቀጠርክና እስከ ጡረታህ እዚያው መቆየት ካማረህ፣ ይህን ምክር ከልብህ ስማኝ። ሰርቨርህ ዊንዶውስ ነው እንበል። የሠራተኛው አካውንት አክቲቭ ዳይሬክተሪ ውስጥ ተመዝግቧል፤ ሰው ሁሉ የሚሠራባቸው የጋራ ፎልደሮች በአንድ ዲስክ ላይ ተደርድረዋል። ማን የትኛውን ይክፈት፣ ማን የትኛው ላይ ይጻፍ የሚለው በአንተ እጅ ነው። ኮርስ ወስደው የመጡ ልጆች «መብት ለሰው አይሰጥም፤ ለግሩፕ ይሰጥና ሰው ግሩፑ ውስጥ ይገባል» ይሉሃል። በትሕትና አድምጣቸው፣ ሻይም ጋብዛቸው። ከዚያ ወንበርህ ላይ ተመለስና መብቱን ለእያንዳንዱ በስሙ አድል።

ጥቅሙን በአንዲት አዲስ ተቀጣሪ ላሳይህ።

ሰኞ ጠዋት ግዥ ክፍል አንዲት ልጅ ትገባለች። የግዥ ኃላፊዋ ስልክ አንስተው «የኔ ልጅ፣ አዲሷ መጥታለች፤ እንደ ጓደኛዋ አድርጋት» ይሉሃል። እንደ ጓደኛዋ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እሳቸው አያውቁም፣ ጓደኛዋም አያውቅም፣ አንተም በደንብ አታውቅም። የጓደኛዋ መብት በስድስት ዓመት ውስጥ ስልክ በተደወለ ቁጥር የተጠራቀመ ነው። የፕሮፎርማውን ፎልደር ታስታውሳለህ፤ `Properties`፣ `Security`፣ `Edit`፣ `Add` ብለህ ስሟን ትጽፍና `Modify` ላይ ምልክት ታደርጋለህ። የውል ፎልደሩንም እንዲሁ። የአቅራቢዎቹ ዝርዝር ግን ለማንበብ ብቻ ነበር ወይስ ለመጻፍም? ለማንኛውም `Modify` ስጣት። ከጎደላት ትደውላለች፤ ተርፏት «በዝቶብኛል» ብሎ የደወለ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

ማክሰኞ የጨረታ ሰነዱ አልከፈት ብሏት ትደውላለች። ሐሙስ የዕቃ መጠየቂያው ይከፈታል፣ ሴቭ ግን አይደረግም። በሁለተኛው ሳምንት የግምገማ ቅጹ። ወሩ ሳያልቅ ከቢሮው ሰው ሁሉ በፊት የምታውቀው የአንተን ስልክ ቁጥር ነው። ሰው በሥራው ተፈላጊ የሚሆነው እንዲህ ነው።

እዚህ ላይ ለእኛ ወገን የሚቆም አንድ እውነተኛ ምስክር አለ። በስም የተሰጠ መብት ወዲያው ይሠራል፤ ልጅቷ ስልኩን ሳትዘጋ ፎልደሩን ብትሞክረው ይከፈትላታል። ግሩፕ ውስጥ ብትከታት ግን አይከፈትም። ዊንዶውስ «ይህች ሠራተኛ በየትኞቹ ግሩፖች ውስጥ ናት?» ብሎ የሚጠይቀው ጠዋት ፓስወርዷን ስታስገባ ነው። መልሱን እንደ ባጅ አንገቷ ላይ ያንጠለጥልላትና ቀኑን ሙሉ በዚያ ያስተናግዳታል። ከሰዓት በኋላ ግሩፕ ብትጨምርላት ባጁ የጠዋቱ ነውና ሎግ አውት ብላ እንደገና መግባት ይኖርባታል። የእሷ ኮምፒውተር ላይ `whoami /groups` ብለህ ብታይ ባጁ ላይ የተጻፈው ይወጣል፤ የጨመርከው ግሩፕ እዚያ ከሌለ ጥፋቱ የግሩፑ አይደለም። ይህን የማያውቅ ባለሙያ «ግሩፑ እምቢ አለ» ብሎ ተስፋ ይቆርጥና በስሟ ይሰጣታል። ባልተነገረች አንዲት ሎግ አውት ምክንያት ስንቱ ሰርቨር ወደ እኛ ጎራ ገብቷል።

የጊዜውም ነገር አለ። የላይኛው ፎልደር ላይ ስሟን ስትጨምር የታችኞቹ ይወርሱታል። ውርሱ ግን በቃል አይደለም፤ እያንዳንዱ ፋይል የራሱን ዝርዝር ይዞ ስለሚኖር ዊንዶውስ ቤት ለቤት እየዞረ ስሟን መጻፍ አለበት። ሦስት መቶ ሺህ ፋይል ካለህ የፋይሎቹ ስም መስኮቱ ላይ ሲሮጥ እያየህ ቡናህን ትጠጣለህ፤ አለቃህ ቢመጣም ሥራ ላይ ነህ። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ውርሱን የቆረጠበት ንዑስ ፎልደር ካለ ደግሞ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ለሚቀጥለው ሳምንት የሚሆን ስልክ እዚያ ተቀምጧል።

ዓመት ሲሞላት ልጅቷ ጎበዝ ናትና ወደ ክፍያ ክፍል ትዛወራለች። የክፍያው ኃላፊ ይደውላሉ፤ የክፍያ ማዘዣውን ፎልደር ትሰጣታለህ። የግዥዋ ኃላፊ ደውለው «የእኛን አንሳባት» ይላሉ ብለህ እንዳትጠብቅ፤ በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንዲህ ያለ ስልክ ደርሶኝ አያውቅም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ በእኛ ሰርቨር ላይ ግን የተሻረም ይበላል። አሁን ይህች ልጅ የአቅራቢውን ፕሮፎርማ ማረም ትችላለች፤ በዚያው ፕሮፎርማ የሚከፈለውን ማዘዣም ታዘጋጃለች። ግዥና ክፍያ በሁለት ክፍል የተለዩት አንድ እጅ ሁለቱንም እንዳይይዝ ነበር። እሷ ጨዋ ናት፣ ምንም አላደረገች ይሆናል። ኦዲተር ግን ያደረገችውን ብቻ ሳይሆን ማድረግ የምትችለውንም ይጠይቃል።

ኦዲተሩ «ይህን ፎልደር ማን ማን ይከፍተዋል?» ካለህ ቀላል ነው፤ `Security` ላይ አርባ ሦስት ስም ተሰልፎ ታሳየዋለህ። «ይህች ሠራተኛ ምን ምን ትከፍታለች?» ሲልህ ነው የበዓል ሥራ የሚመጣው። መብቷ የተጻፈው እሷ ዘንድ አይደለም፤ በየበሩ ላይ ነው። ስለዚህ በር በበር ትሄዳለህ፦

```
icacls D:\Yegara /findsid gizh07 /t /c
```

ማታ አስነስተኸው ሂድ፤ ጠዋት ስሟ በቀጥታ የተጻፈበት ፋይልና ፎልደር ሁሉ ተዘርዝሮ ይጠብቅሃል። ያ የአንዱ ሰርቨር ነው። ሁለተኛ ሰርቨር ካለህ ሁለተኛ ሌሊት አለህ።

ስትለቅ ደግሞ አካውንቷን አጥፋው፤ እንዳትዘገይ። ዊንዶውስ በር ላይ የሚጽፈው ስም ሳይሆን ቁጥር ነው፤ ስሙን ከቁጥሩ ፈልጎ ያሳይሃል እንጂ። አካውንቱ ሲጠፋ የሚፈልግበት ያጣና በየፎልደሩ ላይ `Account Unknown` የሚል፣ `S-1-5-21` ብሎ የሚጀምር ረጅም ቁጥር ያስቀምጥልሃል። ይህ እንደ መቃብር ድንጋይ ነው፤ ማን እንደተቀበረ ግን አልተጻፈበትም። ከስድስት ወር በኋላ ልጅቷ ሐሳቧን ቀይራ ብትመለስ፣ በዚያው ስም አካውንት ብትከፍትላት፣ አንድም በር አይከፈትላትም። ስሟ ያው ነው፣ ቁጥሯ አዲስ ነው። ከሰኞው እንደገና ትጀምራለህ።

ከእኛ ቢሮ ማዶ የሚሠራ አንድ ወዳጄ ይህን ሁሉ ሲሳይ አልፈልግም ያለ ሰው ነው። ገና ሲቀጠር ከግዥ ኃላፊያቸው ጋር ሁለት ከሰዓት ተቀምጦ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ «እገሌ ምን ይክፈት?» ሳይሆን «የግዥ ሠራተኛ ማንም ይሁን ማን፣ ምን ያስፈልገዋል?» አለ። መልሱ ግማሽ ገጽ ሞላ። ከዚያ ሁለት ዓይነት ግሩፕ ሠራ። አንዱ የወንበር ነው፤ `GG-Gizh`፣ `GG-Kifiya` ይላቸዋል፤ በአክቲቭ ዳይሬክተሪ አጠራር ግሎባል ናቸው። ሌላው የበር ነው፤ `DL-Proforma-RW` ለሚጽፉ፣ `DL-Proforma-R` ለሚያነቡ ብቻ፤ እነዚህ ዶሜይን ሎካል ይባላሉ። ፎልደሩ ላይ የተጻፉት የበር ግሩፖቹ ናቸው፤ አንዴ ተጻፉ፣ አበቃ። የግዥን ወንበር የሚጽፈው በር ውስጥ፣ የክፍያን ወንበር የሚያነበው በር ውስጥ አስገባ፤ ከፋይ ፕሮፎርማውን ማየት እንጂ ማረም የለበትምና። ሰው የሚገባው ወንበር ውስጥ ብቻ ነው።

አዲስ ሠራተኛ ሲመጣበት ታሳዝናለህ ብዬዋለሁ። የቅጥር ደብዳቤው አርብ ይደርሰዋል፣ አካውንቱን ይከፍታል፣ ከዚያ ይህችን ይጽፋል፦

```
Add-ADGroupMember -Identity GG-Gizh -Members gizh07
```

ሰኞ ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፓስወርዷን ስታስገባ ባጇ ሙሉ ሆኖ ይታተማል፤ ያ የተመካንበት የሎግ አውት ጣጣ እንኳ ለአዲስ ተቀጣሪ አይነሳም። ፎልደሮቹን አልነካቸውምና የሦስት መቶ ሺህ ፋይል ሰልፍ የለም። ክፍያ ስትዛወር ከ`GG-Gizh` ያወጣትና `GG-Kifiya` ውስጥ ይከታታል፤ ሁለት መስመር ነው፣ የግዥው መብት ሳይለመን አብሮ ይሄዳል። ስትለቅ አካውንቷን ይዘጋዋል እንጂ ወዲያው አያጠፋውም። ኦዲተር ሲመጣበት የአካውንቷን ግሩፖች ከፍቶ አንዲት ወንበር ያሳየዋል። በስም የሚሰጠው የየሰውን የግል ፎልደር ብቻ ነው፤ የአንድ ሰው ነውና ወንበር አያስፈልገውም። ስልኩ ሳይጮህ ይውላል፤ 11:30 ሲል ቦርሳውን ያነሳል። ዓመት ፈቃድ ሲወጣ መውጣቱን የሚያውቅ የለም። እንዲህ ያለ ኑሮ ኑሮ ነው?

አንተ ግን አለቃህ ከዚህ ሰው ጋር ምሳ በልተው «እኛም በግሩፕ ይሁንልን» ቢሉህ አትደንግጥ። ግሩፕም ቢሆን ለያዘው ሰው ይታዘዛል። አዲስ ሠራተኛ ስታስገባ ስምንት ዓመት የቆየውን ሰው አካውንት በቀኝ ጠቅ አድርገህ `Copy` በለው፤ እሱ ያለበት ግሩፕ ሁሉ ይከተላታል፣ አምና የተዘጋው የፕሮጀክት ግሩፕና ለአንድ ቀን ብለህ የከተትከው የፔሮል ግሩፕ ሳይቀር። ለየሰዉ አንዳንድ ግሩፕ ክፈት፤ `Gizh-New2` በለው፣ ማብራሪያው ላይ ምንም አትጻፍ። በመጨረሻ ደግሞ `Deny` የሚለውን ሣጥን አትርሳ። ማብዛት አያስፈልግም፣ አንድ ቦታ ይበቃል። እዚያው ፎልደር ላይ ተቃራኒ ከተገናኙ ክልከላው ከፈቃዱ ይበልጣልና፣ ሁለት ግሩፕ ውስጥ ያሉት ሥራ አስኪያጅ በአንዱ ተፈቅዶላቸው በሌላው ይከለከላሉ፤ የት እንደተከለከሉ ፈልጎ የሚያገኝ አንተ ብቻ ነህ።

የእኔን ውጤት ማየት ከፈለግህ ደግሞ ይኸው። ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው ሰኞ ቤቴ ተቀምጬ ሳለ የግዥ ኃላፊዋ ደወሉ። «ጋሼ፣ ይቅርታ፤ አዲስ ልጅ መጥታለች፣ እዚህ ያሉት ልጆች አልቻሉም፤ እንደ ጓደኛዋ ያድርጉልኝ» አሉኝ። ላፕቶፔን ከፈትኩ። ፓስወርዴ አሁንም ይሠራል።