ጥርን ለዘለለው ባንክ

ለባንካችን የቋሚ ክፍያ ትዕዛዝ ክፍል፤

ኮምፒውተራችሁ የማይታመም፣ ለቅሶ የማይደርስ፣ ሰርግ የማይጠራ ሠራተኛ ነውና በቅድሚያ እንኳን ደስ ያላችሁ። ችግሩ ጥር የሚባል ወር አለማወቁ ነው።

ጎረቤቴ እዚሁ ፍኖተ ሰላም ያስተምራል። አከራዩ ቡሬ ገጠር ያሉ አዛውንት ናቸው። ደመወዝ እንደገባ 2,000 ብር ኪራይ «በየወሩ» እንዲላክላቸው ቅጽ ሞላላችሁ፤ መጀመሪያ ቀን መስከረም 28 ቀን 2018። እናንተ ይህን በፈረንጅ ኦክቶበር 8 አላችሁት፤ ደግ አደረጋችሁ። እንዳለ 28/1/2018 ብላችሁ ብታስገቡት ኖሮ ክፍያው ጥር 20 ቀን 2010 ላይ በጀመረ ነበር፤ መምህሩ ቤቱን ከመከራየቱ በፊት!

ከዚያ ወዲያ ሲስተሙ በየፈረንጁ ወር 8ኛ ቀን ይልካል። ጥቅምት 29፣ ኅዳር 29፣ ታኅሣሥ 30። እስከዚህ ማንም ልብ አላለም። ቀጣዩ ግን የካቲት 1 ቀን ነው። በጥር፣ አዛውንቱ ልጅ በዳሩበት ወር፣ አምስት ሳንቲም አልደረሳቸውም፤ በየካቲት ግን በ1 እና በ29 ሁለት ጊዜ ገባላቸው። ግንቦትንም እንዲሁ ትዘሉታላችሁ። በዓመቱ መጨረሻ ሲደመር 12 ክፍያ ነውና ሂሳባችሁ ልክ ነው፤ ይህን ለሰርግ ድንኳን ያከራየው ሰው አስረዱልኝ።

«በየ30 ቀኑ ይሁን» ብትሉም አልተገላገልንም። እስከ ነሐሴ 28 ቀኑ አይነቃነቅም። ጳጉሜን ስትገባ ግን አምስት ቀን ትበላና ቀጣዩ ክፍያ መስከረም 23 ላይ ያርፋል። ደመወዝ ገና አልገባም፣ የተማሪ ደብተር የተገዛበት ሂሳብ ባዶ ነው፤ ትዕዛዙም ሳይፈጸም ይቀራል። ስለዚህ «በየ30 ቀኑ» ያለ ደንበኛ በየጳጉሜኑ መጥቶ ቀኑን ማስተካከል አለበት። ይህን በመስኮቱ ሲነገር የሰማ ካለ እጁን ያውጣ።

ስለ ተቀባዩም አንድ ነገር ልበል። ማሽኑ ብሩን የሚወስደው ቁጥሩ ወዳለበት ነው፤ በጎጃም ደግሞ ስምና የአባት ስም የሚጋሩ ሰዎች ሞልተዋል። ቁጥሩ ሲገባ የሚወጣውን ስም እስከ አያት ጮክ ብላችሁ አንብቡልን፤ ወረፋው ቢሰማም ግድ የለም። ብሩንም በአሃዝ ብቻ አትቀበሉ። 2,000 ላይ አንዲት ዜሮ ብትጨመር ማንም አያይም፣ «ሁለት ሺህ» ላይ ግን የምትጨመር ዜሮ የለችም።

ልመናዬ ይህችው ናት፦ ፊርማ ከማስፈረማችሁ በፊት የሚቀጥሉትን አራት ክፍያዎች ቀን በእኛ አቆጣጠር አትማችሁ ስጡን። ከጥቅምት እስከ የካቲት ቢታተምለት ኖሮ መምህሩ ጥር እንደሌለች እዚያው ቆሞ ያይ ነበር፤ የኪራይ ቀኑንም ወደ ወሩ አጋማሽ ያስገፋ ነበር።

ከአክብሮት ጋር
ከፍኖተ ሰላም