አንቱታ በቴሌግራም

እንጦጦ ማርያም ግቢ ቆሞ ጆሮውን ለጥቂት ጊዜ ጣል ያደረገ ሰው የእኛን አክባሪነት ሊረዳው አይችልም። አንዲት ምእመን ግድግዳውን ተደግፋ እመቤታችንን «አንቺ ታውቂያለሽ» ትላታለች። ወዲያው ዞር ትልና ትኬት ቆራጩን «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ስንት ሰዓት ነው የሚዘጉት?» ትለዋለች። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት እዚሁ ደብር ነው። ያን ዕለትም ፈጣሪ «አንተ» ነበር፤ ዘውድ የጫኑት ሰውዬ ግን «ጃንሆይ»።

ይህን ያስታወስኩት በአካባቢው እንግዳ የሚያስጎበኙ ጥቂት ወጣቶች ለቴሌግራም መልሶቻቸው የአጻጻፍ መመሪያ እንዳዘጋጅላቸው ሲጠይቁኝ ነው። የራሳቸውን ረቂቅ ይዘው መጥተዋል። ረቂቁ አንድ መስመር ነበር፦ «መደበኛ መልስ፦ እርስዎ። የወዳጅ መልስ፦ አንተ።» እኔም መጀመሪያ የሰረዝኩት ይህንኑ መስመር ነው። «አንተ» ከቅርበትም ከንቀትም ይመጣል፤ በጽሑፍ ላይ ደግሞ የትኛው እንደሆነ የሚያስረዳ ፈገግታ የለም። በዚያ ላይ «አንተ» ለማለት ጾታ ማወቅ ያስፈልጋል። «ደስታ ነኝ» ብሎ የጻፈ ሰው ወንድ ይሁን ሴት በምን ይታወቃል? «እርስዎ» ግን ጾታ አይጠይቅም፤ «ይምጡ» ለሁለቱም ይሆናል።

«ታዲያ ወዳጅነቱ የት ይገባል?» አሉኝ። በሰላምታውና በአሳቢነቱ ይገባል። መደበኛው እንዲህ ይላል፦ «ላቀረቡት ጥያቄ እናመሰግናለን። ጉብኝቱ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ይጀመራል። እባክዎ በሰዓቱ ይገኙ።» የወዳጁ ደግሞ፦ «ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበቱ? ቅዳሜ 3 ሰዓት እንጠብቅዎታለን። የእንጦጦ ብርድ አይጣል ነውና ጋቢ ቢጤ ይያዙ።» ሁለቱም «እርስዎ» ናቸው፤ አንደኛው ግን ደብዳቤ ሲሆን ሁለተኛው ሰው ነው። ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ስለ ጋቢ ማስታወስ ከየትኛውም «ውድ ደንበኛችን» ይበልጣል።

ሥራ የበላው ክፍል ወጥነቱ ነበር። ከቆዩ መልሶቻቸው አንዱ «ጥያቄዎ ደርሶናል፤ ቅዳሜ ና፤ ስልክህን እንዳይረሱ» ይላል። እንግዳው በአንድ አረፍተ ነገር ተከበረ፣ ተጠራ፣ እንደገና ተከበረ። ይህ የሚመጣው አንዱ የጀመረውን መልስ ሌላው ከሌላ ቦታ ቀድቶ ሲጨርሰው ነው። «እርስዎ» የሚለው ቃል በመልሱ ውስጥ ጭራሽ ላይኖር ስለሚችል እሱን መፈለግ አይጠቅምም። የቃላቱን ጅራት ማየት ነው፦ «ዎ» አለ? «ህ» አለ? «ሽ» አለ? እንደ «ና» እና «ይምጡ» ያሉት ትእዛዞችም አብረው ይታዩ። ከመላኩ በፊት በእርሳስ ቢከበቡ ወጣ ያለው ራሱ ይጮኻል።

ስም ላይ አጭር ነበርኩ። ማዕረግ የሚቀድመው የራስን ስም ነው። «አልማዝ ከበደ» ብላ የተመዘገበችን እንግዳ «ወይዘሮ ከበደ» ማለት አባቷን ወይዘሮ ማድረግ ነው። «እማማ» እና «አባባ» ደግሞ ዕድሜን በፎቶ ለሚገምት ሰው አይሰጡም።

አክብሮት ራሱ የሚፈጥረው ጣጣም አለ፤ ይህን ወጣቶቹ አይተውታል። አንድ ቅዳሜ የሚያስጎበኙት መሪጌታ ነበሩ፤ ለእንግዳው የተላከው መልእክት «መሪጌታ ሲመጡ ይደውላሉ» የሚል ነበር። ማን ነው የሚደውለው? «ይደውላሉ» ለእርስዎም ለእሳቸውም አንድ ነው። እንግዳው መሪጌታ ይደውሉልኛል ብሎ መኪናው ውስጥ ተቀመጠ፤ መሪጌታ እንግዳው ይደውልልኛል ብለው ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ሁለቱም በእኩል ተከብረው ማንም ሳይደውል ረፈደ። ስለዚህ በአንድ መልእክት ውስጥ ሁለት የሚከበሩ ሰዎች ካሉ አድራጊው በግልጽ ይጠራ፦ «መሪጌታ ሲመጡ እኛ እንደውልልዎታለን።» እኛ ስላልተከበርን ከማንም ጋር አንምታታም።

የመጨረሻው ጥያቄ «እንግዳው ራሱ አንተ በሉኝ ካለስ?» የሚል ነበር። ፈቃዱን መቀበል ነው፤ ነገር ግን ለውጡ ከሚቀጥለው መልእክት ራስ ይጀምር፤ ጅራቶቹም ሁሉ አብረው ይለወጡ። ይህን ተስማምተን መመሪያው ተጻፈ፣ ግድግዳ ላይም ተለጠፈ። ብዙም ሳይቆይ አንዲት እንግዳ «ምነው ልጆች፣ አንቱ አትበሉኝ እንጂ፤ መች አረጀሁ!» ብለው ላኩ። ልጆቹ መመሪያውን ደጋግመው አነበቡ፣ ተመካከሩ፣ በእርሳስ ከበቡ፤ ከዚያም በአንድ ድምፅ ያጸደቁትን መልስ ላኩላቸው፦

«እሺ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። ከዛሬ ጀምሮ እርስዎን አንቺ እንልዎታለን።»