ከመምህር ወደ ተማሪ የሚሄድ የአዲስ ዓመት ካርድ፦ አመራረቱ፣ ይዘቱና እርማቱ

በአገራችን የአዲስ ዓመት ካርድ የሚሄድበት አቅጣጫ የታወቀ ነው፤ ከልጅ ወደ አዋቂ። መስከረም 1 ጠዋት ልጆች በባለቀለም እርሳስ የሣሉትን አበባና መልአክ ይዘው በየበሩ ይቆማሉ፤ ወረቀቱ ይገባል፣ ብሩ ይወጣል። ይህ ጥናት ግን ደንቡን የጣሰውን ካርድ ይመለከታል፤ የአንደኛ ክፍል መምህርት ለተማሪዎቿ የምትሰጠውን።

ጥሰቱ በተቀባዩ ዘንድ ግራ መጋባትን ይፈጥራል። ለናሙና በተወሰደው ክፍል አንድ ተማሪ ካርዱን እንደተቀበለ ኪሱን ፈትሾ 5 ብር ለመምህርቷ ዘረጋ። “አይ፣ ተወው የኔ ልጅ” ስትለው ያነሰባት መስሎት 10 ብር አደረገው።

ካርዱ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ትምህርት የሚጀመረው ከበዓሉ በኋላ ስለሆነ፣ “እንኳን ከ2017 ወደ 2018 ዓ.ም. በሰላም አሸጋገራችሁ” የሚለው ቃል ሲነበብ ተማሪው ተሻግሮ፣ የአዲስ ዓመት ልብሱንም ወጥ አስነክቶት ቆይቷል። “አሸጋገራችሁ” ሰባት ፊደል ስላለው የአንደኛ ክፍል አንባቢ ጋ ላይ ሲደርስ አ ይጠፋዋል።

ምኞቱ እንደ ደንቡ በሰላምና በጤና ይጀምራል። ከሦስተኛው መስመር በኋላ ግን ጠባዩን ይለውጣል፦ “አዲሱ ዓመት ጥፍራችሁን ተቆርጣችሁ፣ ደብተራችሁን ሸፍናችሁ፣ ሳታረፍዱ የምትመጡበት ይሁንላችሁ።” አጥኚው ይህን አንቀጽ ከትምህርት ቤቱ መተዳደሪያ ደንብ ጋር አመሳክሮ “ይሁንላችሁ” ከምትለው በስተቀር ልዩነት አላገኘም።

ወደ አመራረቱ ስንመጣ፣ አንድ ኤ ፎር ወረቀት ለአራት ስለሚቆረጥ ለ60 ተማሪ 15 ወረቀት ይበቃል። መምህርቷ አራት አበባ በአንድ ገጽ ላይ ትሥላለች፤ የቀረው የፎቶ ኮፒ ማሽኑ ሥራ ነው። አበባው የሚሣለው በኮምፓስ ነው። የኮምፓሱ እግሮች ክቡ የተሣለበትን ስፋት ሳይለቁ ዙሪያውን ሲራመዱ በትክክል ስድስት ቦታ ስለሚያርፉ፣ የመምህር አደይ አበባ ምንጊዜም ባለ ስድስት ቅጠል ነው። በየሜዳው የሚበቅለው አደይ ይህን መመሪያ አልደረሰውም።

ማሽኑ ከጥቁር ሌላ ቀለም ስለማያውቅ አደይዋ ከል ለብሳ ትወጣለች። መፍትሔው በካርዱ ግርጌ ሰፍሯል፦ “አበባውን ቢጫ ቀብታችሁ ነገ አምጡ።” በዚህች መስመር ካርዱ የቤት ሥራ ይሆናል። ተሰብስቦ ይታረማል፤ ከመስመር የወጣ ቀለም ነጥብ ያስቀንሳል።

ከላይ የተጠቀሰው ባለ 10 ብር ተማሪ መልካም ምኞቱ በቀይ እስክሪብቶ 7/10 ተደርጎ፣ “ወላጅ ይፈርም” ተብሎበት ወደ ቤት ተመለሰለት። አባቱም ሁለት ጊዜ አንብበው ፈረሙ፤ ሰላሙንና ጤናውን ጨምሮ።